ወለድ ሲወጣ የቦንድ ዋጋ ለምን ይወርዳል?

በአገራችን አብዛኛው ሰው ቦንድ የሚለውን ቃል የለመደው ከሕዳሴው ግድብ ጋር ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ሠራተኛው ከደመወዙ፣ ነጋዴውም ከገቢው ላይ ቀንሶ ቦንድ ገዝቷል። ገዢው ሰነዱን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ የመክፈያው ቀን እስኪደርስ ይጠብቃል እንጂ «ዛሬ ገበያ ባወጣው ስንት ያወጣ ይሆን?» ብሎ አይጠይቅም። ቦንድ ማለት የሚቀመጥ እንጂ የሚሸጥና የሚለወጥ ዕቃ ሆኖ አልታየም ነበር።

ይህ አመለካከት መለወጥ የጀመረው በቅርቡ ነው። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 በ2013 ዓ.ም. ወጣ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. በይፋ ተከፈተ። ሰነድ ከአንድ ሰው እጅ ወደ ሌላው የሚዘዋወርበት ቦታ ሲኖር ደግሞ ዋጋው በየጊዜው መውጣቱና መውረዱ አይቀርም። ለዚህም ነው ሰሞኑን ከኡራኤል እስከ ካዛንቺስ ባሉት ቢሮዎችና ቡና ቤቶች ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ደጋግመው አንድ ጥያቄ የሚያነሡት። ይኸውም መንግሥት የሚከፍለው ወለድ ተቆርጦ የታወቀ ከሆነ፣ ዋናውም በቀኑ የሚመለስ ከሆነ፣ ዋጋው የሚወርደው በምን ምክንያት ነው? የሚል ነው።

መልሱን በአንድ ተጨባጭ ሰነድ ላይ ሆነን እንከታተለው።

ዘጠኝ በመቶና አሥራ አምስት በመቶ

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ብሔራዊ ባንክ ያወጣው መመሪያ ንግድ ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር የ20 በመቶውን ያህል የግምጃ ቤት ቦንድ እንዲገዙ የሚያስገድድ ነበር። የቦንዱ ዕድሜ አምስት ዓመት፣ ወለዱም በዓመት 9 በመቶ ነበር። በወቅቱ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ስለነበረ ባንኩ በሁለቱ መካከል ሁለት ነጥብ ይቀረው ነበር ማለት ነው።

ከዚያም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የገንዘብ ፖሊሲውን በወለድ መምራት ጀመረና የፖሊሲውን ወለድ 15 በመቶ ላይ አስቀመጠ። የፖሊሲ ወለድ ማለት በገበያ ላይ ያለ የቦንድ ወለድ ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ ገንዘብ ያለው ሁሉ የሚያመዛዝንበት መነሻ ነው። ስለዚህ ለስሌታችን አዲስ የሚወጣ የአምስት ዓመት ቦንድ 15 በመቶ የሚከፍል ነው ብለን እናስብ።

አንድ ሰው በእጁ የ1,000 ብር፣ 9 በመቶ የሚከፍል፣ ገና አምስት ዓመት የሚቀረው ቦንድ አለው እንበል። በየዓመቱ 90 ብር ይቀበላል፣ በአምስተኛው ዓመት ከመጨረሻው ወለድ ጋር 1,000 ብሩን ይወስዳል። ወለዱ በዓመት አንድ ጊዜ ይከፈላል ያልነው ስሌቱ ቀላል እንዲሆን ነው። ይህን ቦንድ ዛሬ ልሽጥ ቢል ገዢው ምን ያስባል?

ገዢው 1,000 ብር በእጁ ይዟል። አዲሱን ቦንድ ቢገዛበት በዓመት 150 ብር ያገኛል። አሮጌውን በዚያው ዋጋ ቢገዛ ግን የሚያገኘው 90 ብር ብቻ ነው። ሁለቱም የአንድ መንግሥት ዕዳዎች ናቸው፣ ሁለቱም ከአምስት ዓመት በኋላ ይከፈላሉ። ታዲያ በየዓመቱ 60 ብር እየቀረበት አሮጌውን የሚገዛበት ምክንያት የለም። ሻጩ ደግሞ 90 ብሩን 150 ሊያደርገው አይችልም፤ ወለዱ በሰነዱ ላይ ተጽፏል፣ ማንም አይለውጠውም። በውሉ ላይ የቀን፣ የወለድና የዋናው ገንዘብ መጠን ሁሉ ታስሯል። ሳይታሰር የቀረ አንድ ነገር ቢኖር ዛሬ የሚከፈለው ዋጋ ነው። ስለዚህ የገበያው ለውጥ ሁሉ የሚያርፈው በዋጋው ላይ ነው።

ለኡራኤልና ለካዛንቺስ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አንድ ሰው ለአምስት ዓመት በውል የተከራየ የንግድ ቤት ያለው ሕንፃ ልሽጥ ቢል፣ ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ተከራዩ ስንት ይከፍላል? ውሉስ መቼ ያልቃል?» ብሎ ነው። የአካባቢው ኪራይ ከውሉ በኋላ በእጥፍ ጨምሮ ከሆነ ገዢው ያንን በዋጋው ላይ ይቀንሰዋል። ውሉ ሊያልቅ ሦስት ወር ከቀረው ቅናሹ ትንሽ ነው፣ አራት ዓመት ከቀረው ግን ብዙ ነው። ቦንድም እንዲሁ ነው፤ የቀረውን ጊዜ ጉዳይ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ዋጋው እንዴት ይወጣል?

የቦንድ ዋጋ ማለት ወደፊት የሚመጣው እያንዳንዱ ብር ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ ተሰልቶ ሲደመር የሚገኘው ነው። ገንዘብ በ15 በመቶ የሚሠራ ከሆነ ዛሬ 100 ብር ያስቀመጠ ሰው ከዓመት በኋላ 115 ብር ያገኛል። ይህንን ገልብጠን ስናየው ከዓመት በኋላ የሚመጣ 115 ብር ዛሬ የሚያወጣው 100 ብር ነው። ስለዚህ ለአንድ ዓመት ለመመለስ በ1.15 አንድ ጊዜ ማካፈል፣ ለሁለት ዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለአምስት ዓመት አምስት ጊዜ ማካፈል ነው።

በዚህ መሠረት የመጀመሪያው ዓመት 90 ብር ዛሬ 78 ብር ከ26 ሳንቲም ያወጣል። እየራቀ በሄደ ቁጥር ይኸው 90 ብር እያነሰ ይሄድና የአምስተኛው ዓመት 45 ብር ገደማ ላይ ይደርሳል። አምስቱ የወለድ ክፍያዎች ሲደመሩ ዛሬ 301 ብር ከ69 ሳንቲም ናቸው። በአምስተኛው ዓመት የሚመለሰው 1,000 ብር ደግሞ ዛሬ የሚያወጣው 497 ብር ከ18 ሳንቲም ብቻ ነው። ድምሩ 798 ብር ከ87 ሳንቲም፣ ማለትም 799 ብር ገደማ ይሆናል።

እንግዲህ በ1,000 ብር የተገዛው ቦንድ ሳይበላሽ፣ መንግሥትም ቃሉን ሳያጥፍ፣ በገበያ ላይ ከአምስት አንድ እጅ ዋጋውን አጣ ማለት ነው።

በ799 ብር የገዛው ሰውስ በእውነት 15 በመቶ ያገኛልን? አዎን። በየዓመቱ 90 ብሩን ይቀበላል፤ ይህ ብቻውን ለከፈለው 799 ብር 11.3 በመቶ ያህል ነው። ቀሪው የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ በ799 የገዛውን በ1,000 ስለሚያስከፍል 201 ብር ይጨመርለታል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲታሰቡ 15 በመቶ ይሆናሉ። ነጋዴው «ይልድ» የሚለው ይህንን ጠቅላላ ተመላሽ ነው። በሰነዱ ላይ የተጻፈውን 9 በመቶ ደግሞ «ኩፖን» ይሉታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለቱን አንድ አድርጎ ሲያያቸው ነው። ኩፖኑ ከወጣበት ቀን ጀምሮ አይንቀሳቀስም፤ ይልዱ ግን በየቀኑ ከዋጋው ጋር በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳል። ዋጋ ሲወርድ ይልድ ይወጣል፣ ዋጋ ሲወጣ ይልድ ይወርዳል። አንዱ ሌላውን ያመጣል ማለት ሳይሆን ሁለቱ የአንድ ሚዛን ሁለት ጫፎች ናቸው።

ዱሬሽን ምንድን ነው?

ለእያንዳንዱ ቦንድ ይህን ሁሉ ማካፈልና መደመር አድካሚ ነው። በተለይ ብዙ ዓይነት ሰነድ የያዘ ሰው «ይልድ በአንድ ነጥብ ቢጨምር ምን ያህል አጣለሁ?» ለሚለው አቋራጭ መልስ ይፈልጋል። ያ አቋራጭ ዱሬሽን ይባላል።

ነገሩን በዱቤ እንመልከተው። አንድ የመርካቶ ነጋዴ ለአምስት ደንበኞች ዕቃ በዱቤ ሰጥቷል። አራቱ ትንሽ ትንሽ ብር ቀድመው ይከፍላሉ፣ አምስተኛው ግን ትልቁን ገንዘብ በመጨረሻ ይከፍላል። «ገንዘቤ በአማካይ መቼ ይገባል?» ብሎ ቢጠይቅ ቀኖቹን ብቻ ደምሮ ለአምስት ማካፈል አይበቃውም። ትልቁን ብር የያዘው ቀን የበለጠ ክብደት ሊሰጠው ይገባል። ዱሬሽንም ይኸው ነው፤ ከቦንዱ የሚመጣው ገንዘብ በአማካይ ከስንት ዓመት በኋላ እንደሚገባ፣ እያንዳንዱን ክፍያ ዛሬ በሚያወጣው ዋጋ መዝኖ ይነግረናል።

የእኛን ቦንድ ገና ይልዱ 9 በመቶ ሳለ እንመዝነው። ክፍያዎቹ ዛሬ የሚያወጡት እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ ዓመት፦ 82.57 ብር
ሁለተኛ ዓመት፦ 75.75 ብር
ሦስተኛ ዓመት፦ 69.50 ብር
አራተኛ ዓመት፦ 63.76 ብር
አምስተኛ ዓመት፣ ወለድና ዋናው፦ 708.43 ብር

ድምሩ 1,000 ብር ነው፤ የሳንቲሟ ልዩነት በማጠጋጋት የመጣች ናት። አሁን እያንዳንዱን በዓመቱ ቁጥር እናባዛ፦ የመጀመሪያውን በ1፣ ሁለተኛውን በ2፣ እንዲህ እያልን አምስተኛውን በ5። ውጤቱን ደምረን ለ1,000 ስናካፍለው 4.24 ይመጣል። ቦንዱ የአምስት ዓመት ቢባልም ገንዘቡ በአማካይ የሚገባው ከአራት ዓመት ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ነው። ወለዱ ቀድሞ እየገባ ስለሚሄድ ከአምስት ዓመት ያንሳል።

ይህን 4.24 በ1.09 ስናካፍለው 3.89 እናገኛለን። ደላላው በኪሱ ይዞ ሊዞር የሚገባው ቁጥር ይህ ነው። ትርጉሙም፦ ይልድ በአንድ ነጥብ ሲወጣ የቦንዱ ዋጋ በ3.89 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ በአንድ ነጥብ ሲወርድ ደግሞ በዚያው ያህል ይወጣል።

እውነት መሆኑን እንፈትሸው። ይልድ ከ9 ወደ 10 በመቶ ቢወጣ በአቋራጩ ዋጋው 961 ብር መሆን አለበት። ሙሉው ስሌት ሲሠራ 962 ብር ከ9 ሳንቲም ይመጣል። ወደ 8 በመቶ ቢወርድ አቋራጩ 1,039 ብር ይላል፣ ሙሉው ስሌት 1,039 ብር ከ93 ሳንቲም ይላል። በ1,000 ብር ላይ የተሳሳተው አንድ ብር ገደማ ብቻ ነው። ለትንሽ እንቅስቃሴ ከዚህ የበለጠ ትክክለኛነት የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት ነው።

በገበያ ውስጥ ይልድ አንዳንድ ጊዜ የሚንቀሳቀሰው በነጥብ ሳይሆን በነጥብ መቶኛ ነው፤ ይህንን «ቤዚስ ፖይንት» ይሉታል። የ1 ሚሊዮን ብር እንዲህ ያለ ቦንድ የያዘ ሰው ይልድ በአንድ ቤዚስ ፖይንት በወጣ ቁጥር 389 ብር ገደማ ያጣል። በሃያ ቤዚስ ፖይንት ቢወጣ 7,780 ብር ነው። ይህን አስቀድሞ ያሰላ ሰው የጠዋቱን ወሬ ሲሰማ ካልኩሌተር አይፈልግም።

የሚቀረው ጊዜ ነው ወሳኙ

ከሕንፃው ምሳሌ እንደምናስታውሰው የውሉ ቀሪ ዘመን በረዘመ ቁጥር ቅናሹ ይበዛል። ቦንዱም ዕድሜው እያለቀ በሄደ ቁጥር ዱሬሽኑ ይቀንሳል። ያው 9 በመቶ የሚከፍለው ሰነድ ሦስት ዓመት ሲቀረው ለአንድ ነጥብ የሚያጣው ከ3.89 ወደ 2.53 በመቶ ይወርዳል። ይልድ ወደ 15 በመቶ ሲወጣ ሙሉ ስሌቱ የሚሰጠው ዋጋም 799 ሳይሆን 863 ብር ይሆናል። አንድ ዓመት ብቻ ሲቀረው 948 ብር ገደማ ነው።

የ91 ቀን የግምጃ ቤት ሰነድ ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ይንቀሳቀሳል። ይህ ሰነድ ወለድ በየጊዜው አይከፍልም፤ በቅናሽ ተገዝቶ በቀኑ 1,000 ብር ይመለሳል። በ9 በመቶ ሲታሰብ 978 ብር ከ5 ሳንቲም ያወጣል፣ በ15 በመቶ ሲታሰብ 963 ብር ከ95 ሳንቲም። ይልድ ስድስት ሙሉ ነጥብ ዘልሎ ዋጋው የወረደው በ14 ብር፣ ማለትም በ1.4 በመቶ ገደማ ነው። በተመሳሳይ ዝላይ የአምስት ዓመቱ ቦንድ 201 ብር አጥቶ ነበር። ሁለቱም የመንግሥት ዕዳ ናቸው፣ ሁለቱንም ሰው «አስተማማኝ» ይላቸዋል። ከገበያ ዋጋ አንፃር ግን ልዩነታቸው እንዲህ የሰፋ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ወለድ ይወጣል ብሎ የሚያስብ ሰው ለምን አጭር ሰነድ እንደሚመርጥ ነው። ገንዘቡ ቶሎ ተመልሶ በአዲሱ ከፍተኛ ወለድ እንደገና ሊሠራበት ይችላል። ወለድ ይወርዳል ብሎ የሚያስብ ደግሞ ረጅሙን ይይዛል፤ ከፍተኛው ወለድ ለብዙ ዓመት ታስሮለት ሲቆይ ዋጋው ይወጣለታል። ሁለቱም በግምት ላይ የቆሙ ናቸው፤ ዱሬሽን የሚነግረው ግምቱ ሲስት የሚከፈለውን ዋጋ ነው።

አቋራጩ የሚስትበት

ዱሬሽን ግምት እንጂ ትክክለኛ ልክ አይደለም። ይልድ ከ9 ወደ 15 በመቶ በስድስት ነጥብ በዘለለበት ምሳሌያችን አቋራጩን ብንከተል 6 ጊዜ 3.89፣ 23.3 በመቶ ገደማ ኪሳራ ይሰጠናል፤ ዋጋው 767 ብር ይሆናል። ሙሉው ስሌት ግን 799 ብር ነው ያለን። አቋራጩ በ32 ብር አጋንኗል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ዱሬሽን የዋጋውን መንገድ እንደ ቀጥ ያለ መስመር ያየዋል። እውነተኛው መንገድ ግን ቁልቁል እየሄደ የሚለዝብ ጎባጣ ነው፤ ይልድ በወጣ ቁጥር እያንዳንዱ ተጨማሪ ነጥብ የሚያወርደው ዋጋ ከቀደመው ያነሰ ይሆናል። በሌላ አነጋገር ይልድ ሲወጣ ዱሬሽኑ ራሱ ይቀንሳል። ስለዚህ ወደ ታች ሲሆን ኪሳራውን ያጋንናል፣ ወደ ላይ ሲሆን ትርፉን ያሳንሳል። ይልድ በአንድ ወይም በሁለት ነጥብ ሲንቀሳቀስ ልዩነቱን ችላ ማለት ይቻላል። እንደ እኛ አገር በአንድ ጊዜ ብዙ ነጥብ በሚዘልበት ጊዜ ግን ሙሉውን ስሌት መሥራት ይሻላል።

ሁለተኛው ወሰን ገበያው ራሱ ነው። ስሌቱ ቦንዱ 799 ብር ይገባዋል ሲል በ799 ብር የሚገዛ ሰው አለ ማለቱ አይደለም። ገዢ ጥቂት በሆነበት ገበያ ሻጭ ከተቸኮለ ከዚያም ባነሰ ሊሸጥ ይገደዳል። ሻጭና ገዢ የሚጠሩት ዋጋ ተራርቆ ከታየ የገበያው ቅጥነት ምልክት ነው፤ ያንን ርቀት ዱሬሽን አያውቀውም።

ሦስተኛው ወሰን የከበደው ነው። ስሌቱ ሁሉ የቆመው ተበዳሪው በተባለው ቀን ይከፍላል በሚለው ላይ ነው። በዚህ ረገድ የራሳችን አገር ዩሮ ቦንድ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ገበያ 1 ቢሊዮን ዶላር ተበደረች። ወለዱ 6.625 በመቶ፣ የመክፈያው ጊዜ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2024 ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 መጨረሻ መንግሥት በቡድን 20 ማዕቀፍ ዕዳው እንዲሸጋሸግለት እንደሚጠይቅ ሲያስታውቅ የቦንዱ ዋጋ ክፉኛ ወደቀ። በዚያ ጊዜ የቀረው ዕድሜ ከአራት ዓመት ያነሰ ነበር፤ ይልዱንም ሽቅብ የሰደደው የዓለም ወለድ መጨመር ሳይሆን የገዢዎች ሥጋት ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 የስድስት ወሩ ወለድ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ በጊዜው ሳይከፈል ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያ ሰነድ በዱሬሽን የሚመዘን አልሆነም። ገዢው ሲያስብ የነበረው «ይልዱ በአንድ ነጥብ ቢወጣ» ብሎ ሳይሆን «በድርድሩ ከመቶው ስንቱ ይመለሳል? መቼስ ይመለሳል?» ብሎ ነው። የመክፈያው ቀን ሊያልቅ አንድ ዓመት የቀረው ሰነድ በስሌቱ ብዙም የማይንቀሳቀስ መሆን ነበረበት። ነገር ግን ቀኑ ራሱ የማያስተማምን ሲሆን የቀን አማካይ ዋጋ የለውም። ሁለቱን የሚለይ ምልክት አለ፦ የአጭሩ ሰነድ ይልድ ከረጅሙ በእጅጉ ልቆ ሲታይ ገበያው እያወራ ያለው ስለ ወለድ ሳይሆን ስለ መክፈልና አለመክፈል ነው።

የማይሸጥ ሰውስ ከሰረ?

«እኔ እስከ መጨረሻው ቀን እይዘዋለሁ፤ የገበያው ዋጋ ምን አገባኝ?» የሚል አለ። ክርክሩ ከፊሉ እውነት ነው። 9 በመቶ የሚከፍለውን ቦንድ እስከ አምስተኛው ዓመት የያዘ ሰው የተጻፈለትን እያንዳንዱን ብር ይቀበላል። ይሁን እንጂ ኪሳራው አልጠፋም፤ በአንድ ቀን በዋጋ ከመታየት ይልቅ በአምስት ዓመት ተከፋፍሎ ይመጣል። ሌላው በ1,000 ብር 150 ሲቀበል እርሱ 90 እየተቀበለ በየዓመቱ 60 ብር ያልፈዋል። ያ በየዓመቱ የሚቀረው 60 ብር በ15 በመቶ ወደ ዛሬ ተመልሶ ሲደመር 201 ብር ነው። በዋጋው ላይ ያየነው ቅናሽ ያው ነው።

ለባንክ ነገሩ ከዚህም ይጠነክራል። ባንክ በቦንዱ ላይ ያዋለው ገንዘብ የራሱ ሳይሆን የአስቀማጩ ነው። የቁጠባ ወለድ ከፍ ሲል ባንኩ ለአስቀማጩ የሚከፍለው ወዲያው ይጨምራል፤ ከቦንዱ የሚቀበለው ግን ባለበት ይቆያል። እስከ መጨረሻው ይያዛል ተብሎ የተመዘገበ ቦንድ በሒሳብ መዝገቡ ላይ በ1,000 ብር ስለሚታይ ጉዳቱ ከውጭ ለሚያይ አይገለጥም። የሚገለጠው አስቀማጮች ገንዘባቸውን ሲጠይቁና ባንኩ ቦንዱን ለመሸጥ ሲገደድ ነው።

በአሜሪካ የሲሊከን ቫሊ ባንክ የገጠመው ይኸው ነው። ባንኩ ወለድ ዝቅ ባለበት ጊዜ በርካታ ረጅም ሰነዶችን ገዝቶ ነበር። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2022 ጀምሮ ወለድ በፍጥነት ሲያወጣ የሰነዶቹ ዋጋ ወረደ። ባንኩ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ወደ 21 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ሰነድ ሸጦ 1.8 ቢሊዮን ዶላር እንደ ከሰረ ሲያስታውቅ አስቀማጮች ገንዘባቸውን ለማውጣት ተሻሙ፤ በሁለት ቀን ውስጥም ተዘጋ። የተሸጡት ሰነዶች አብዛኞቹ የአሜሪካ መንግሥት ዕዳዎች ነበሩ። አልከፈል ያለ ተበዳሪ አልነበረም፤ የጎዳው የወለድና የጊዜ ጉዳይ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ቦንድ ሊገዛ የተነሣ ሰው ደላላውን ከኩፖኑ በፊት ሌሎች ሁለት ቁጥሮችን ይጠይቀው። አንደኛው ዛሬ በሚከፈለው ዋጋ ይልዱ ስንት ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ዱሬሽኑ ነው። ከዚያ የራሱን ሒሳብ ይሥራ፤ ገንዘቡን የሚፈልግበት ቀን ከዱሬሽኑ ጋር ከተቀራረበ በዋጋ መውረድ የሚያጣውን ወለዱን በከፍተኛው መጠን እንደገና በማሠራት ይተካዋል። ከዚያ ቀድሞ ከፈለገው ግን በዚያን ቀን ገበያው የሚሰጠውን ዋጋ ይቀበላል፤ ያ ዋጋ ምን ያህል ሊወርድ እንደሚችልም ከዱሬሽኑ ላይ አስቀድሞ ሊያነበው ይችላል። የአምስት ዓመቱ ቦንድ በአንድ ነጥብ አራት በመቶ ገደማ፣ የሦስት ዓመቱ ሁለት ተኩል በመቶ፣ የ91 ቀኑ ሰነድ ደግሞ ሩብ በመቶ ያህል ነው።